«ሁለተኛው በሽታ»፦ ከአንድ የወሎ ሆስፒታል ኮሪደር የተወሰደ የጉዳይ ጥናት

ለምን መዘገብኩት

አንድ አባት ሆስፒታል በተኙ በማግስቱ ወደ ቤታቸው ሊወሰዱ ነበር። ቤተሰቡ ሚኒባስ ተነጋግሯል። ልብሳቸው በፌስታል ተጠቅልሏል። የበኩር ልጃቸው «በራሳችን ፈቃድ ወስደናል» የሚለውን ወረቀት ሊፈርም እስክሪብቶ ይዞ ቆሟል። በሽታቸው ስትሮክ ነው፤ ከባድ ነበር። ያን ቀን ከአልጋቸው ሊያስነሣቸው የነበረው ግን በሽታው አይደለም። አጠገባቸው ቆሜ እኔ ራሴ የተናገርኳቸው ሁለት ቃላት ናቸው፤ ዲያግኖሲስ እና ፕሮግኖሲስ።

ጠቅላላ ሐኪም ነኝ። ጉዳዩ የሆነው ወሎ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ክፍል ስሠራ ነው። የሰዎቹ ማንነት እንዳይታወቅ ስም አልጠቀስኩም፤ አንዳንድ ዝርዝርም ቀይሬአለሁ።

ታካሚውና ቤተሰቡ

ታካሚው 62 ዓመታቸው ነበር። ከደሴ በስተ ምዕራብ ካለ ደጋ አገር የመጡ ገበሬ ናቸው። ከሦስት ዓመት በፊት ደም ግፊት እንዳለባቸው ተነግሯቸው መድኃኒት ጀምረው ነበር። ጥቂት ወር ወሰዱና ተዉት። የሚያማቸው ነገር ስላልነበረ የዳኑ መስሏቸው ነበር።

አንድ ቀን ለሱብሂ ሶላት ውዱእ ሊያደርጉ ሲሉ የውሃው ጆግ ከቀኝ እጃቸው ወደቀ። ባለቤታቸው ደርሰው ሲያዩ አፋቸው ወደ አንድ ጎን ዞሯል፤ ቀኝ እጅና እግራቸው አይታዘዝም፤ ሊናገሩ ይሞክራሉ፣ ቃል ግን አይወጣም። የሰፈሩ ሰው በቃሬዛ እስከ መኪና መንገዱ አወረዳቸው። እኛ ዘንድ ሲደርሱ ከተመቱ 9 ሰዓት አልፏል።

ደም ግፊታቸው 210 በ120 ነበር። ንቃታቸውን ግላስጎው በሚባለው መለኪያ ስንለካው 11 ሆነ። ይህ መለኪያ ከ3 እስከ 15 ይሄዳል፤ 15 ማለት ሙሉ ንቃት ነው። ስጠራቸው ዓይናቸውን ይገልጣሉ፤ ትንሽ ቆይቶ መልሰው ይከድኑታል።

ኮሪደሩ ላይ ያደሩት ሰባት ሰዎች ነበሩ፤ ባለቤታቸው፣ የባለቤታቸው እህት፣ የበኩር ልጃቸው፣ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸው፣ ታላቅ ወንድማቸው፣ እና አሥረኛ ክፍል የሚማር የልጅ ልጃቸው። ታላቅ ወንድማቸው ሰባ የተጠጉ ሽማግሌ ናቸው። ሙስበሃቸውን ከእጃቸው አይለዩም። የቤቱ ውሳኔ በእሳቸው በኩል እንደሚያልፍ ወዲያው ያስታውቃል።

በሽታው ምን ነበር

ስትሮክ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የአንጎል ደም ሥር በረጋ ደም ሲዘጋ ይመጣል። ሁለተኛው ደም ሥሩ ፈንድቶ ደም አንጎል ውስጥ ሲፈስ ይመጣል። ከውጭ ለሚያይ ሰው ሁለቱ ይመሳሰላሉ፤ እጅ ይዝላል፣ አፍ ይዞራል፣ አንደበት ይያዛል። ሐኪምም ቢሆን በዓይኑ አይቶ በእርግጠኝነት ሊለያቸው አይችልም። የሚለያቸው ሲቲ ስካን ነው።

መለየቱ ሕይወት ነው። የተዘጋ ከሆነ አስፒሪን እንሰጣለን። የፈሰሰ ከሆነ አስፒሪን መስጠት መድማቱን ሊያባብስ ይችላል። የበኩር ልጃቸው ኪስ ውስጥ ደግሞ አንድ ቅጠል አስፒሪን ነበር። ጎረቤታቸው በዚያው በሽታ ታሞ የታዘዘለትን አይቶ መንገድ ላይ የገዛው ነው። እስኪመረመሩ ብሎ አልሰጣቸውም፤ እግዜር ይስጠው።

ሲቲ ስካኑ በዚያው ማታ ተነሣ። የግራው አንጎላቸው ጥልቅ ክፍል ውስጥ ደም ፈሷል። ርዝመቱ 4፣ ስፋቱ 3፣ ከፍታው 3 ሴንቲሜትር ነው። ሦስቱን አባዝተን ለሁለት ስንከፍለው በግምት 18 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ጥቂት ይበልጣል። ከዚህም ጥቂቱ የአንጎል ፈሳሽ ወደሚገኝባቸው ክፍተቶች ገብቷል። እዚህ ድረስ ያለው ዲያግኖሲስ ነው።

ከዚያ ወደፊት ምን እንደሚጠብቃቸው ለመገመት አይ ሲ ኤች ስኮር የሚባለውን መለኪያ ተጠቀምኩ። ንቃታቸው በመውረዱ አንድ ነጥብ፣ ደሙ ወደ ክፍተቶቹ በመግባቱ አንድ ነጥብ። የደሙ መጠን ከ30 ሚሊ ሊትር በታች ስለሆነ ነጥብ የለውም። ዕድሜያቸውም ከ80 በታች ነው፤ የፈሰሰበት ቦታም ነጥብ አያስቆጥርም። ድምሩ 2 ነው። መለኪያው በ2001 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሲወጣ፣ 2 ነጥብ ከነበራቸው ታካሚዎች መካከል 26 በመቶው በ30 ቀን ውስጥ ሞተዋል። ይህ ደግሞ ፕሮግኖሲስ ነው።

ችግሩ

በማግስቱ ጠዋት በራውንድ ሰዓት ታካሚውን ለባልደረቦቼ አቀረብኩ። እንደ ልማዳችን ግማሹ አማርኛ፣ ግማሹ እንግሊዝኛ ነው። «ዲያግኖሲሱ ክሊር ነው፤ ፕሮግኖሲሱ ግን ፑር ነው» አልኩና ወደ ሚቀጥለው አልጋ አለፍኩ። የልጅ ልጃቸው ትራሳቸውን ሊያስተካክል ገብቶ እግራቸው ስር ቆሞ ነበር። አይቼዋለሁ፤ ይሰማል ብዬ ግን አላሰብኩም።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ነርሷ መጥታ «ዶክተር፣ የስትሮኩ ታካሚ ቤተሰብ ልንወስዳቸው ነው እያሉ ነው» አለችኝ።

እንዲህ ያለውን ውሳኔ በአገራችን የሠራ ሐኪም ሁሉ ያውቀዋል። ከጭካኔ የሚመጣ አይደለም። ሰው ሆስፒታል ውስጥ ቢሞት አስከሬን የሚጭን መኪና ከሕያው ታካሚ ብዙ እጥፍ ያስከፍላል። ቀብሩም ሳይዘገይ አገሩ ላይ መፈጸም አለበት። «የማይተርፍ ከሆነ በሕይወት ሳለ ቤቱ እናድርሰው» የሚለው ሐሳብ የራሱ ክብርና ፍቅር አለው። የሚሠራው ግን ግምቱ ትክክል ከሆነ ነው። የእኚህ ሰው ግምት ያን ያህል የጨለመ አልነበረም።

የመጀመሪያው ሙከራ

ኮሪደሩ ላይ ቆሜ፣ እነሱም እንደቆሙ፣ ማስረዳት ጀመርኩ። ቃላቱ ከግሪክ የመጡ መሆናቸውን፣ «ግኖሲስ» ማለት ማወቅ መሆኑን ነገርኳቸው። «ዲያግኖሲስ ለይቶ ማወቅ ነው፤ ፕሮግኖሲስ ቀድሞ ማወቅ ነው» አልኩ።

ታላቅ ወንድማቸው ሙስበሃቸውን መቁጠር አቆሙ። «ልጄ፣ ቀድሞ የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው። ይሄ ገይብ ነው። አንቺ እንዴት ታውቂዋለሽ?» አሉኝ። ድምፃቸው ቁጣ የለበትም። እውነት ነበራቸው። ቃሉን በቃል ፈትቼ የሰጠኋቸው ትርጉም ሥራዬ ያልሆነውን ነገር ሥራዬ አስመሰለው። እኔ የማደርገው መገመት ነው። ማወቅ ሌላ ነው።

ስደናገር ወደ ቁጥር ሸሸሁ። «ሃያ ስድስት በመቶ» አልኩ። የበኩር ልጁ ፊቱ ጠቆረ። እኔ የመሞት ዕድሉን ነው የነገርኩት፤ እሱ የመትረፍ ዕድሉ መሰለው። ላስተካክል ብዬ «ለምሳሌ እናንተ አራታችሁ ብትሆኑ» ብዬ በእጄ ልጆቹንና አክስታቸውን አመለከትኩ። «ከአራታችሁ አንዱ...» ሳልጨርሰው አክስቲቱ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «በሞቴ ዶክተር፣ አታሟርቺብን!»

ንግግሩ እዚያ ላይ ሞተ። አምስት ደቂቃም አልፈጀ። በኋላ ሳስበው ምንም የሚያስፈራ ነገር ለመናገር አልፈለግሁም ነበር፤ ግን በሕያው ሰው ላይ ሞትን መቁጠር በእኛ አገር ሟርት እንደሆነ ማንም ልጅ ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር።

አግዳሚ ወንበሩ ላይ

ነርሷ ናት ያዳነችኝ። «መጀመሪያ ምን እንደሰሙ ጠይቂያቸው» አለችኝ። እሷ የዚያው አገር ልጅ ናት። ሄዳ ከሽማግሌው ጎን አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። «አብሽሩ አባባ፣ ዶክተሯ ትቀመጥና በደንብ እንነጋገር» አለቻቸው። እኔም ተቀመጥኩ። ቀድሞ የጀመርኩት ሁሉ ቁሜ ነበር።

«ስለ ሕመማቸው እስካሁን ምን ሰማችሁ?» አልኩ።

ማንም አልመለሰም። ሁሉም ወደ ልጅ ልጃቸው ተመለከቱ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ተናገረ። «ሁለት በሽታ አለበት አላችሁ። ዲያግኖሲስ የሚባለው ክሊር ሆኗል፤ ጠርቷል። ፕሮግኖሲስ የሚባለው ግን ፑር ነው። ፑር ማለት ድሃ ማለት ነው። ድሃ ስለሆንን ሁለተኛውን በሽታ አታክሙልንም።»

ይህን ስሰማ የተሰማኝን እስካሁን አልረሳሁም። ልጁ በክፍሉ ጎበዝ የሚባል ተማሪ ነው። የሰማውን እያንዳንዱን ቃል በመዝገበ ቃላት ልክ ተርጉሞታል። ቤተሰቡም ጠዋት፣ ልጁ ከክፍሉ ከወጣ በኋላ፣ በሬ ስለመሸጥ ሲመክር የነበረው ለዚህ ነው። በሬው ቢሸጥም የሚበቃ አልመሰላቸውም። ስለዚህ ሚኒባስ ጠሩ።

መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ከዚያ ሦስት ነገር ነገርኳቸው። በሽታው አንድ ነው፤ አንጎል ውስጥ ደም ፈሷል። ዲያግኖሲስ የበሽታ ስም አይደለም፤ «ሕመሙ ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ነው። ክሊር ነው ያልኩት ጠፋ ለማለት አይደለም፤ ምን እንደሆነ በግልጽ ታወቀ ለማለት ነው። ፕሮግኖሲስም በሽታ አይደለም፤ «ከዚህ ወዴት ይሄዳል?» ለሚለው ጥያቄ የምንሰጠው ግምት ነው። ፑር ያልኩትም ግምቱ የሚያሰጋ ነው ለማለት እንጂ ከገንዘብ ጋር አይገናኝም።

ሽማግሌው ዝም ብለው ሰሙ። ቆይተው የተናገሩትን እስከ ዛሬ እጠቀምበታለሁ።

«ስንዴ ቢጫ ሲሆን ውርጭም ይሆናል፣ ዋግም ይሆናል፣ ውሃ ተኝቶበትም ይሆናል። ሄጄ ቅጠሉን አሽቼ ዋግ ነው እላለሁ። ያ አንድ። ስንት ቁና ይገኛል ብትይኝ ሌላ ነው። ዋጉ እሸት ሳይዝ ከመታው ትንሽ ነው፤ ፍሬው ከሞላ በኋላ ከመጣ ግን ይተርፋል። እገምታለሁ። ገይብ አላወቅሁም፤ ስንዴ ስለማውቅ ነው የምገምተው። እንዲህ ነው የምትይኝ?»

«አዎ አባባ፣ ልክ እንዲሁ ነው» አልኳቸው።

«እሺ። ዋግ መሆኑን ነገርሽኝ። አሁን ምርቱን ንገሪኝ።»

ቁጥሩን እንደገና መናገር ነበረብኝ። በዚህ ጊዜ ሰው አልቆጠርኩም። አግዳሚው ላይ በፌስታል ቆሎ ነበር። አስፈቅጄ አራት ፍሬ ወሰድኩና በነጠላዬ ጫፍ ላይ ደረደርኳቸው። «እንደ እሳቸው የታመሙ፣ በዕድሜም በንቃትም የሚቀራረቡ አራት ሰዎች ብናስብ፣ እስከ አንድ ወር ሦስቱ በሕይወት ይቆያሉ። አንዱ ላይቆይ ይችላል» አልኩ። አንዷን ፍሬ ትንሽ ራቅ አደረግኋት። «እሳቸው የትኛው እንደሆኑ አላውቅም። ማንም ሐኪም አያውቅም።»

ከዚያ ደግሞ ወደ ሦስቱ ፍሬዎች ተመለስኩ። መትረፍና መዳን አንድ እንዳልሆነ መናገር ነበረብኝ፤ ይህን መዝለል ደስ ይል ነበር፤ ግን በኋላ ቤታቸው የሚጠብቃቸው እሱ ነው። «ከሚተርፉት ብዙዎቹ እንደ ድሮው አይሆኑም። ቀኝ እጃቸው ሊደክም፣ ንግግራቸው ሊያንስ ይችላል። ብዙ ለውጥ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው፤ ከዚያም በኋላ ቀስ እያለ ይቀጥላል።»

ባለቤታቸው እስከዚያች ሰዓት አንድ ቃል አልተናገሩም ነበር። «ይዘነው ብንሄድስ?» አሉ።

«እማማ፣ ያ ግምት ሆስፒታል ለተኛ ሰው የተገመተ ነው። ደም ግፊታቸውን በመርፌ እያወረድን ነው። ራሳቸውን ከፍ አድርገን እናስተኛለን። በየሁለት ሰዓቱ እናገላብጣለን። ቤት ከሄዱ አራቱ ፍሬዎች እንዲህ አይሰለፉም» አልኳቸው።

እዚህ ጋ ሐኪሞች የምንፈራውን አንድ ነገር መግለጽ ይገባል። ስጋት ያለበት ግምት ራሱን እውን ሊያደርግ ይችላል። «አይተርፍም» ስንል እንክብካቤው ይቀንሳል፤ እንክብካቤው ሲቀንስ ታካሚው ይሞታል፤ ከዚያ «ብለን ነበር» እንላለን። አንጎል ውስጥ ደም ለፈሰሰበት ሰው በመጀመሪያው ቀንና ሁለት ቀን ውስጥ በግምት ላይ ብቻ ተመሥርቶ ተስፋ መቁረጥ የማይመከረው ለዚህ ነው። መለኪያውም ቢሆን የሰዎችን ስብስብ ለመመደብ እንጂ የአንድን ሰው ዕጣ ለመቁረጥ አልተሠራም። የተሠራውም ከእኛ የተለየ አቅም ባላቸው ሆስፒታሎች ነው። ይህንንም ነገርኳቸው፤ «ቁጥሩ የሌላ አገር ማሳ ነው» ብዬ። ሽማግሌው ገባቸው።

«መቼ ነው እንደገና የምትገምቺው?» አሉኝ።

ይህን ጥያቄ እኔ ራሴ ልጠይቀው ይገባኝ ነበር። «ከሦስት ቀን በኋላ። ስጠራቸው ቶሎ የሚነቁ ከሆነና ትኩሳት ከሌላቸው ግምቱ ይሻሻላል። እንቅልፉ ከከበደ ወይም ትንፋሻቸው ከተፋጠነ ይከፋል» አልኩ። ልጁ ከቦርሳው ደብተር አወጣ። ገጹን በመስመር ለሁለት ከፍሎ በአንዱ ላይ «ምን ነው»፣ በሌላው ላይ «ወዴት ይሄዳል» ብሎ ጻፈ።

ሚኒባሱ ባዶውን ተመለሰ።

አራተኛው ቀን

ግምቱን በደንብ አስረድቼ አንድ ቀላል ነገር ሳላስረዳ ቀርቼ ነበር። የእኚህን ሰው ዓይነት ስትሮክ የመታው ሰው ብዙ ጊዜ መዋጥ ይሳነዋል። የተሰጠው ነገር ወደ ጨጓራ መሄዱን ትቶ ወደ ሳንባ ይገባል። ለዚህ ነው በአፍንጫ ቱቦ የምንመግበው። ቱቦውን አስገብተናል፤ «በአፍ ምንም አትስጡ» ብለን ለባለቤታቸው ነግረናል። ለምን እንደሆነ ግን አልነገርንም። ያን ጊዜ ለሊት የምታስታምማቸው ደግሞ ትንሿ ልጃቸው ነበረች። አባቷ ከንፈራቸው ሲደርቅ አይታ አጥሚት በማንኪያ ሰጠቻቸው። ሳሉ። ደግማ ሰጠቻቸው።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ትኩሳታቸው 38.9 ሆነ። በደቂቃ 32 ጊዜ ይተነፍሳሉ። ኦክስጅናቸው ወደ 86 በመቶ ወርዷል፤ ንቃታቸው ከ11 ወደ 9። ሳንባቸው ላይ የሚሰማው ድምፅ ግልጽ ነበር፤ የሳንባ ምች። ኦክስጅን ተደረገላቸው፤ ሴፍትሪያክሶንና ሜትሮኒዳዞል ጀመርን።

ያን ቀን ኮሪደሩ ላይ የተቀመጥነው ልጁ ደብተሩን ዘርግቶ ነው። በመጀመሪያው ረድፍ አዲስ ነገር ተጨመረ፤ ይህኛው በእውነት ሁለተኛ በሽታ ነው። በሁለተኛው ረድፍ ያለው ተቀየረ። «ከሦስት ቀን በፊት ከነገርኳችሁ ዛሬ ስጋቱ ይበልጣል። ስንት እንደሆነ ቁጥር ልሰጣችሁ አልችልም። ሁለት ሦስት ቀን መድኃኒቱን ከተቀበሉ ትኩሳቱ ይወርዳል፤ ካልተቀበሉ ልናጣቸው እንችላለን» አልኩ። «ልናጣቸው እንችላለን» የሚለውን አለሳልሼ ልል ከጅሎኝ ነበር። ሽማግሌው ግን ቀድመው «ደብቀሽ አትንገሪን፣ ማን ይምጣ ማን ይቅር የምንለው አለ» ብለውኝ ስለነበር በግልጽ አልኩት። የዚያኑ ዕለት ከአገር ሁለት የቅርብ ዘመዶች ተጠሩ። ሰፈር ውስጥም ወዳጃ ተቀምጦ ዱአ ተደረገላቸው።

ትንሿ ልጅ ጥግ ላይ ቆማ ታለቅሳለች። ምክንያቱ አጥሚቱ መሆኑን ከራሷ ነው የሰማሁት። ብቻዋን ወስጄ አነጋገርኳት። መዋጥ የተሳነው ሰው ማንም ምንም ሳይሰጠው በገዛ ምራቁ ብቻ የሳንባ ምች ሊይዘው እንደሚችል ነገርኳት፤ ይህ እውነት ነው፣ ለማጽናናት የፈጠርኩት አይደለም። አጥሚቱ ስጋቱን እንደጨመረውም አልደበቅኋትም። «ጥፋቱ ያልነገርናችሁ የእኛ ነው» አልኳት። ከዚያ ወዲህ ከንፈራቸውን በረጠበ ጨርቅ ማበስ የእሷ ሥራ ሆነ።

በሰባተኛው ቀን ትኩሳቱ ጠፋ። በአሥረኛው ቀን ስጠራቸው ቶሎ ዓይናቸውን ገለጡ፤ «ግራ እጅዎን ያንሡ» ስላቸው አነሡ። ያን ጊዜ ሌላ ጥያቄ መጣ። እስካሁን ስለ እሳቸው ከቤተሰቡ ጋር ነበር የምናወራው፤ አሁን እሳቸውም እየሰሙ ነው። ልጆቹ እንዳይነገራቸው ፈለጉ። እኔ ግን «ስለ ሕመምዎ ልንገርዎ? ከፈለጉ እጄን ይጨብጡ» አልኳቸው። ጨበጡኝ። በአጭሩ ነገርኳቸው፤ ምን እንደሆነ፣ እጃቸው ቀስ እያለ እንደሚሻሻል፣ እንደ ድሮው ላይሆን እንደሚችል። ከግራ ዓይናቸው እንባ ወረደ። እጄን ግን አልለቀቁትም።

በ19ኛው ቀን ወጡ።

ምን ሠራ፣ ምን አልሠራም

የሠራው ከሁሉ በፊት መጠየቁ ነው። ቤተሰቡ «ሁለተኛ በሽታ» እንዳለ አምኖ ሳለ የእኔ ማብራሪያ ሁሉ ስለዚያ በሽታ የሚነገር መስሎ ይሰማ ነበር። ስህተቱ ያለበትን ቦታ ሳላውቅ ምንም ባብራራ አላርመውም ነበር። «ምን ሰማችሁ?» የሚለው ጥያቄ ሁለት ደቂቃ አይወስድም።

ሁለቱን ነገሮች በጥያቄ መሰየሙም ሠርቷል። «ምን ነው?» እና «ወዴት ይሄዳል?» ማንም የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ትርጉም አይፈልጉም። «ለይቶ ማወቅ» ለመጀመሪያው ጥሩ ቃል ነው። «ቀድሞ ማወቅ»ን ግን ከዚያ ወዲህ ተናግሬው አላውቅም፤ «ግምት» እላለሁ። አንዳንድ ባልደረቦቼ «ትንበያ» ይላሉ። ለጽሑፍ ጥሩ ነው፤ ኮሪደር ላይ ግን ትንቢት ይመስላል።

ቁጥሩን በመቶኛ መናገሩ አልሠራም። በጥቂት ፍሬዎች፣ የሚተርፉትንም የማይተርፉትንም አንድ ላይ አሳይቶ፣ «እስከ አንድ ወር» ብሎ ጊዜ ወስኖ መናገሩ ሠርቷል። ፍሬው ቆሎ መሆኑ አይደለም ዋናው ነገር። እዚያ የቆመ ሰው አለመሆኑ ነው። ሌላ ቦታ ጠጠር ወይም የመድኃኒት ክዳን ተጠቅሜአለሁ።

ግምቱ የሚታደስበትን ቀንና የሚቀይሩትን ምልክቶች አብሮ መናገሩ በአራተኛው ቀን ነው ጥቅሙ የታየው። ክፉ ዜና ይዤ ስሄድ ማንም «ዋሽታን ነበር» አላለም። ትንፋሽ ቢፋጠን እንደሚከፋ ቀድመው ያውቁ ስለነበር እንዲያውም ትንፋሹን ቆጥረው የጠሩን እነሱ ናቸው።

ያልሠራው ደግሞ ትእዛዝ ያለ ምክንያት ነው። «በአፍ አትስጡ» የሚለውን ለአንድ ሰው ነግረን ለሌላው ይደርሳል ብለን ተውነው። አሁን ለሚያስታምም ሰው ሁሉ፣ ፈረቃ በተቀየረ ቁጥር፣ «ወደ ሳንባ ይገባል» ብለን ምክንያቱን ጨምረን እንናገራለን። ከአልጋው በላይም በትልቁ ጽፈን እንለጥፋለን።

ራውንድ ላይ ደግሞ አንድ ልማድ ለወጥን። ስጋት ስላለበት ግምት ታካሚው አጠገብ በደባለቀ ቋንቋ አናወራም። ሁሌ አይሳካልንም፤ ሰዓት ሲጣበብ የድሮው ልማድ ይመለሳል።

ከሦስት ወር በኋላ

ለክትትል የመጡት በከዘራ እየተራመዱ ነው። ቀኝ እጃቸው ይነሣል፣ ጣቶቹ ግን ነገር አይዙም። ጥቂት ቃል ይናገራሉ። የወንድማቸውን ስም ይጠራሉ፤ «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ፤ የሚፈልጉት ቃል ሲጠፋቸው ይናደዳሉ። ማረስ ቀርቷል፤ ማሳውን የበኩር ልጃቸው ይዞታል።

ደም ግፊታቸውን ለካሁ። 150 በ90። መድኃኒታቸውን ከፍ አደረግሁ። ልጁ ያንኑ ደብተር ይዞ መጥቶ ነበር። አዲስ ገጽ ገልጦ መስመር አሰመረ፤ «ምን ነው» ከሚለው ስር «ደም ግፊት» ብሎ ጻፈ። ከዚያ እስክሪብቶውን ወደ ሌላው ረድፍ አሻግሮ ቀና አለ።

«እዚህስ ምን ልጻፍ?»

«‹መድኃኒቱን ካላቋረጡ› ብለህ ጀምር» አልኩት።